የቆሎ ብድር በምን ይመለሳል?

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሐል ሜዳ ላይ ብርዱ ከጓሳ በኩል ይወርዳል። ሻይ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘዋል። ጥግ ላይ የተቀመጠው ወጣት መምህር ግን ሻዩን ረስቶታል። ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ያነብባል፣ ያጠፋል። እንደገና ይጽፋል። አጠገቡ ያለው ባልደረባው አንገቱን አስግጎ ሊያይ ሲሞክር ስልኩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል።

የመርሐቤቴ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ዓለም ከተማ ስለሆነ የመንዝን ብርድ ገና አልለመደውም። በቅርቡ ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ዘግቶት መኪናው ቆመ። አጠገቡ የተቀመጠችው የጤና ባለሙያ ከቦርሳዋ የገብስ ቆሎ አውጥታ እፍኝ ሙሉ ዘገነችለት። ጉሙ እስኪገለጥ፣ ከዚያም እስከ ሞላሌ ድረስ ሲጫወቱ መጡ። ስትወርድ «ወደዚህ ብቅ ካልክ ደውል» ብላ ቁጥሯን ሰጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ መልእክት እየጻፈ ነው። መልእክቱ አልተላከም።

ይህ ወጣት ብቻውን አይደለም። የጅንጀና መልእክት ጽፎ፣ አርሞ፣ ሰርዞ፣ ለጓደኛ አስነብቦ፣ በመጨረሻ «ሰላም ነው?» ብቻ ብሎ የላከ፣ ወይም ጨርሶ ያልላከ ሰው በየመንደሩ አለ። ስለ ድፍረት ማጣት ብዙ ይባላል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ረቂቃቸው ጥሩ ነበር። ያበላሸው እርማቱ ነው።

ሽማግሌውም ራሱ፣ ሙሽራውም ራሱ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የቀደመው ወግ ወጣቱን ከዚህ ጭንቀት ያድነው ነበር። ጋብቻ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገሩት የተላኩት ሽማግሌዎች ነበሩ። ልጁ የራሱን ልብ ለመግለጥ የተተወለት ቦታ ጠባብ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ የሚታወቀው የጥምቀት ሜዳ ነው። ጥር 11 ቀን፣ በዘፈኑና በእስክስታው መሐል፣ ሎሚውን ወደ ወደዳት ልጅ ይወረውራል። ካነሳችው አንድ ነገር ነው፣ ካላነሳችው ሌላ። ሎሚ አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም፤ የሚታረም ቃልም የለበትም።

ትምህርት ቤት ሲስፋፋ የፍቅር ደብዳቤ መጣ። ተጣጥፎ በታናሽ ወንድም ወይም በጎረቤት ልጅ እጅ ይላካል። ደብዳቤ ይታረማል፤ ሆኖም ወረቀት ያልቃል፣ የተሰረዘ ቃልም ምልክቱ ይቀራል። በዚያ ላይ መልእክተኛው ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የሞባይል መልእክት ይህን ሁሉ ገደብ አነሳው። ወደ ሀገራችን ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ወጣቱ ተቀበለው፤ ቀጥሎ ፌስቡክና ቴሌግራም መጡ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ተራው የጽሑፍ መልእክት ተመለሰ። ዛሬ አንድ ሰው አንድን ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ቢያርመው የሚጠብቀው መልእክተኛ የለም፣ የሚያልቅ ወረቀትም የለም። የማቆሚያውን ጊዜ የሚነግረው ማንም የለም።

አንዲት የራቤል እናት፣ ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ ያየች፣ ነገሩን በአጭሩ ነው ያስቀመጠችው። «እኛ ጊዜ ቃሉን የሚያሳምሩት ሽማግሌዎች ነበሩ። የዛሬ ልጅ ሽማግሌውም ሙሽራውም ራሱ ነው። ታዲያ እንዴት አይጨነቅ?»

> «የዛሬ ልጅ ሽማግሌውም ሙሽራውም ራሱ ነው። ታዲያ እንዴት አይጨነቅ?»

የአንድ መልእክት ታሪክ

መምህሩ ረቂቆቹን አሳየኝ። ካጠፋቸው ሌላ ያስቀመጣቸውም ስለነበሩ መልእክቱ እንዴት እንደተለወጠ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው በዚያው ማታ የተጻፈ ነው።

«ሰላም። መኪና ውስጥ ቆሎሽን ያካፈልሽኝ ነኝ። የጣርማ በር ጉም አሁንም በዓይኔ ላይ አለ፣ የቆሎሽ ጣዕም ደግሞ ከአፌ አልጠፋም። መቼ ነው ብድሬን የምመልሰው?»

ይህ ጥሩ መልእክት ነው። ማን እንደጻፈው ይታወቃል። ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ሊጽፈው አይችልም፣ ከእሷ በቀርም ሌላ ሴት ልትቀበለው አትችልም። ጉሙ፣ ቆሎውና ብድሩ የሁለቱ ብቻ ናቸው። ትንሽ ይረዝማል፤ የመጨረሻው ጥያቄም ቀን ቁረጪ የሚል ስለሆነ ገና ለማታውቀው ሰው ይከብዳል። ሁለቱም በአንድ እርማት የሚቃኑ ናቸው።

በማግስቱ ግን ያስተካከለው እነዚህን አልነበረም። ራሱን ነው የጠበቀው። ከፊት «ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ» የሚል ገባ፣ ከኋላ «እንዳትቀየሚኝ፣ ለጨዋታ ያህል ነው» የሚል ተጨመረ። ገና ያልተደረገ ጥፋት ይቅርታ ሲጠየቅበት አንባቢዋ ጥፋቱን መፈለግ ትጀምራለች። «ለጨዋታ ያህል ነው» ሲባል ደግሞ ጨዋታው ያበቃል።

ሦስተኛው ረቂቅ ቆሎውን ጣለው። አንድ ጓደኛው «ቆሎ ምን የፍቅር ወሬ ነው?» ስላለው አፈረ። በምትኩ የፍቅር መልእክት ከሚለጥፍ የቴሌግራም ገጽ የተቀዳ ስለ ጨረቃና ስለ ዓይን የሚያወራ ረጅም ጽሑፍ ገባ። ያማረ ነው፤ የእሱ ግን አይደለም። ሞላሌ ያለችው ሴትም ያንኑ ጽሑፍ ሳታነበው አትቀርም።

ይህን ደግሞ ሲያነበው ከበደው። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና በሻይ ቤቱ ጥግ እጁ ላይ የቀረው «ሰላም ነው?» የሚል ብቻ ሆነ።

አራተኛው ረቂቅ ማንንም አያሳፍርም። ምክንያቱም ምንም አይልም። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይመለሳል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። የወደደው ሰው እንዳልወደደችው ቆጥሮ ይቀመጣል፤ እሷ ግን የጣርማ በሩን ልጅ ገና አላገኘችውም።

እርማቱ ለማን ነው?

እነዚህን አራት ረቂቆች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ማቆሚያውን ያገኘዋል። እርማት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለአንባቢዋ የሚደረግ ነው፤ ማን እንደሆንኩ ታውቃለች? የምጠይቀው ይገባታል? ለመመለስ ይቀላታል? ይህ እርማት ጽሑፉን ያጠራዋል፣ ቶሎም ያልቃል፤ አጭር መልእክት ውስጥ የሚጠራ ነገር ብዙ አይደለምና። ሌላው ለላኪው ይሉኝታ የሚደረግ ነው። ብትስቅብኝስ? ለሰው ብታሳይብኝስ? ይህ መጨረሻ የለውም። ምክንያቱም ፍርሃቱ ያለው ጽሑፉ ውስጥ አይደለም፣ ጽሑፉን በማረምም አይወጣም።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስችሉ ምልክቶች አሉ። ከሁሉ የሚታመነው የሁለቱ የሆነው ነገር መጥፋቱ ነው፤ ቆሎው ሲወጣ መልእክቱ የማንም ሆነ። ይቅርታና ማብራሪያ መጨመር ሲጀምርም እንዲሁ። ሦስተኛው፣ የሰረዙትን ቃል መልሶ መጻፍ ነው። «ሰላም»ን በ«እንዴት ነሽ» ለውጦ፣ «እንዴት ነሽ»ን መልሶ በ«ሰላም» የሚለውጥ ሰው የማረሙን ሥራ ጨርሷል። እጁ ብቻ ነው የቀጠለው። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ከዚያ በፊት የነበረውን ረቂቅ ይውሰድ።

ብዙ ማንበቡ ራሱም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ሊዮን ጃኮቦቪትስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ጥናቱ አንድ ቃል ሲደጋገም ለጊዜው ትርጉሙን እያጣ እንደሚሄድ አሳይቷል። ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ «ቆሎ፣ ቆሎ፣ ቆሎ» እያለ ቢቀጥል ቃሉ ባዶ ድምፅ ይሆንበታል። መልእክቱን ለሃያኛ ጊዜ ያነበበው ወጣትም እንዲሁ ነው። ሞኝነት የመሰለው ጽሑፉ ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ጆሮው ስለሰለቸ ነው። እሷ የምታነበው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

> ሃያኛውን ንባብ የሚያነበው ላኪው ብቻ ነው። ተቀባይዋ የምታነበው የመጀመሪያውን ነው።

ሰሙ ብቻውን ይቁም

ስለ መንዝ ሰው አነጋገር ከጻፉት መካከል አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን አንዱ ነው። መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ አሳተመ፤ በአማራው የዕለት ኑሮ ውስጥ ድርብ ትርጉም ያለው ንግግር የያዘውን ቦታ ከመንዝ ገጠር ኑሮ ጋር አያይዞ መረመረ። መጽሐፉን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጅንጀናን ጅንጀና የሚያደርገው ይህ ድርብነት ነው። «ወድጄሻለሁ» ማለት ኑዛዜ እንጂ ጅንጀና አይደለም፤ መልሱ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ ነው፣ ሁለቱም ገና በመንገድ ለተዋወቀ ሰው ይከብዳሉ።

አንድ የቅኔ መምህርን ስለዚህ ጠይቄ ነበር። የፍቅር ጉዳይ ሲነሳ ፈገግ አሉ እንጂ አልተቆጡም። «ደካማ ቅኔ የምንለው» አሉ፣ «ሰሙ ብቻውን የማይቆመውን ነው። ወርቁን ያላየ ሰው ሰሙን ሰምቶ ደስ ሊለው ይገባል።» ተማሪዎቻቸው ቅኔያቸውን ይቆጥሩና ለመምህሩ ይነግራሉ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይጠበቅባቸዋል። «ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርም። ስለዚህ ልጁ እስከ ሰዓቱ ያርማል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይናገራል።»

ይህን ወደ ስልኩ እናምጣው። መልእክቱ ለመላክ መብቃቱን የሚያሳዩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ሰሙን ብቻ ብትመልስ ማንም ሳያፍር ጨዋታው ሊቀጥል ይችላል? ወርቁንስ ማየት ከፈለገች ታገኘዋለች? ሁለቱም «አዎ» ከሆኑ ከዚህ በኋላ የሚቀር ሥራ የለም።

የወጣቱን መምህር የመጀመሪያ ረቂቅ በዚህ እንፈትሸው። ሰሙ ብድር ነው፣ ወርቁ መገናኘት። ጎዶሎው «መቼ» የሚለው ጥያቄ ነው። ቀን ስለሚጠይቅ ሰሙን ብቻ ይዞ የሚመለስበት መንገድ አይሰጣትም። ሻይ ቤቱ ውስጥ አብረን ተቀምጠን የለወጥነው ይህንኑ ነው፤ ጉሙንም ለሚቀጥለው ጨዋታ አስቀረነው።

«ሰላም፣ ቆሎሽን ያካፈልሽኝ ሰው ነኝ። በሞላሌ ደንብ የቆሎ ብድር በምን ይመለሳል?»

«በቆሎ» ብላ ብትመልስ ሰሙን መልሳለች፤ ሁለቱም ስቀው ያልፋሉ። «በቡና» ካለች ወርቁን አንስታለች። «በሞላሌ ብድር በእጥፍ ነው» ብትል ደግሞ ቅኔውን ራሷ ቀጥላበታለች። የትኛውንም ብትመርጥ የተዘጋ በር ፊት አላቆማትም።

ቀልድን በጽሑፍ መላክ አደጋ እንዳለውም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ በኢሜይል የምፀት ቃል የጻፉ ሰዎች አንባቢው በቀላሉ እንደሚለየው እርግጠኛ ነበሩ። አንባቢዎቹ ግን የለዩት በግምት ከመናገር ብዙም ባልተሻለ ሁኔታ ነው። ጸሐፊው ሲጽፍ የራሱን ድምፅ በጆሮው ይሰማል፤ ድምፁ ግን ከፊደሉ ጋር አብሮ አይላክም። ስለዚህ «አንቺ እንኳ ስስታም ነሽ» ብሎ በመቀለድ መጀመር አይበጅም። ፊት ለፊት ቢሆን ፈገግታው ይተረጉመዋል፤ ስልክ ላይ ስድብ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ በሚያውቁት እውነተኛ ነገር ላይ የቆመ ጨዋታ ድምፅ ባይኖረውም አይሳሳትም። ለዚህ ነው ቆሎው ከጨረቃው የሚሻለው።

ሰባ ፊደል

የስልኩም ሥርዓት የራሱ ምክር አለው። ተራው የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታውና ነጥቡም ይቆጠራሉ። ከዚያ ካለፈ ተከፍሎ ይላካል፣ ዋጋውም እንደ ሁለት ይሆናል፤ አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይም ቁርጥራጩ ተዛንፎ ይደርሳል። የመምህሩ የመጀመሪያ ረቂቅ 99 ነበር። የታረመው 51 ነው። ሰባ ፊደል ለአንድ ሰም፣ ለአንድ ወርቅና ለአንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ለይቅርታና ለማብራሪያ ግን ቦታ የለውም። ቴሌግራም የሚጠቀም ሰውም ይህን ገደብ በፈቃዱ ቢይዘው አይጎዳም።

ቴሌግራም ላይ የሚጠነቀቁት ሌላ ነገር አለ። በውይይቱ ሳጥን ውስጥ ሲጽፉ በዚያ ወገን ያለው ሰው «እየጻፈ ነው» የሚል ምልክት ያያል። ግማሽ ሰዓት ጽፎ «ሰላም ነው?» የሚልክ ሰው ጭንቀቱ ሁሉ ታይቷል። ረቂቁን ለራስ ማስታወሻ በሚሆነው ቦታ ጽፎ ማምጣት ይሻላል። ከተላከ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ማረም ይቻላል፤ የታረመ መሆኑ ግን ከጎኑ ይጻፋል። የፊደል ስህተት ለማቃናት ተጠቀሙበት፤ ልብን ለመለወጥ አይሆንም። የተላከን ማጥፋትም ይቻላል፤ ማሳወቂያው ግን ቀድሞ ስልኳ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

አንዲት በደብረ ብርሃን የምትማር የግሼ ልጅ ከተቀባዩ ወገን ሆና የነገረችኝ ደግሞ ይህን ነው። «የተደነቃቀፈ አጻጻፍ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ለእኔ የተጻፈ አለመሆኑ ነው። ስሜን አውጥቶ የሌላ ስም ቢያስገባበት የሚሄድ ከሆነ አልመልስም።» ቀጥላም ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ የሚመጣ መልእክት ቃሉ ምንም ቢሆን ሌላ ነገር እንደሚመስላት ተናገረች። ማታ ተጽፎ ያለቀ መልእክት ጠዋት ቢላክ የሚጎድልበት የለም፤ ጠዋት ግን ለመላክ ነው የሚነሱት፣ እንደገና ለማረም አይደለም።

> «የተደነቃቀፈ አጻጻፍ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ለእኔ የተጻፈ አለመሆኑ ነው።»

በእርማት የማይቃና

አንዳንዴ እጅ የሚያመነታው ትክክል ሆኖ ነው። ቁጥሯን እሷ ካልሰጠችው፣ ከጓደኛዋ ስልክ ወይም ከመዝገብ ላይ ከወሰደው፣ ችግሩ የቃል ምርጫ አይደለም። መምህር ለተማሪው፣ አለቃ ለበታቹ፣ ባለ ትዳር ለሌላ ሰው ሲጽፍም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን መልእክት ምንም ያህል ቢያሳምሩት ሰሙ ብቻውን አይቆምም፤ ተቀባይዋ በነፃነት «አይ» ልትል የምትችልበት ቦታ የላትምና። ይህ የሚታረም ሳይሆን የሚተው ነው። የመሐል ሜዳው መምህር ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር፤ ቁጥሩን በእጁ የሰጠችው እሷ ናት፣ «ደውል» ያለችውም እሷ።

ከተላከ በኋላ

ለመላክ የተዘጋጀን መልእክት ሦስት ጊዜ ማንበብ ይበቃል። አንዴ እንደ እሷ ሆኖ፣ ማን እንደጻፈውና ምን እንደሚጠይቅ ለማየት። አንዴ ሰሙ ብቻውን መቆሙን ለመፈተሽ። አንዴ ደግሞ ለፊደሉ፤ «ነሽ» የሚለው «ነህ» ሆኖ እንዳይሄድ፣ የተቀባዩም ስም የእሷ እንጂ የርእሰ መምህሩ እንዳይሆን። አራተኛ ንባብ የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ሲፈጠር ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኩን አስቀምጡት። የጤና ባለሙያ ተረኛ ልትሆን ትችላለች፣ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ መብራት ጠፍቶ ስልኳ ተዘግቶም ይሆናል። ሰዓት ሳይሞላ «አልደረሰሽም?» ብሎ መጨመር ያማረውን መልእክት ወደ ክስ ይለውጠዋል። መልሷ ሰሙን ብቻ ከያዘ ሰሙን መልሱና ጨዋታውን ለእሷ ተዉላት። ደጋግማ ሰሙን ብቻ ከመለሰች ወርቁን አይታዋለች፣ አላነሳችውም፤ መልሷ ያ ነው፣ በክብር ተቀበሉት። ጨርሶ ካልመለሰች ሁለተኛ አትላኩ።